ልጆቹ «ለምን?» ሲባሉ ለምን ዝም ይላሉ? ባለሥዕል መጽሐፍ ጮክ ብሎ ስለማንበብና ስለ ሦስቱ የጥያቄ ዓይነቶች

ጥያቄ፦ «የ2ኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 58 ተማሪዎች አሉ። ባለሥዕል መጽሐፍ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ‹ማን መጣ?› ‹ምን አደረገ?› ስላቸው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ‹ለምን?› ስል ግን ጸጥ ይላሉ። አስተያየት ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም ‹ጥሩ ነው› ይሉኛል። የማስታወስ ጥያቄውን በደንብ እስኪችሉት ሌላውን ላቆየው? ወይስ በአንድ መጽሐፍ ሦስቱንም መጠየቅ ይቻላል?»

ምላሽ፦ አያቆዩት። ማስታወስ፣ ማገናዘብና አስተያየት መስጠት ልጁ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚዛወርባቸው ክፍሎች አይደሉም። እናቷ ነጠላዋን ስታጣፋ አይታ «ልትወጪ ነው እንዴ?» የምትል የአራት ዓመት ልጅ ማንም ሳያስተምራት አገናዝባለች። ተማሪዎችዎም ማገናዘብ ይችላሉ። የተቸገሩት ጥያቄው ሲመጣ ለመልሱ የሚያስፈልጋቸው ነገር እጃቸው ላይ ስለማይኖር ነው፤ ይህንን ደግሞ ማስተካከል የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

መጀመሪያ አንድ አለመግባባት ይጥራ። የጥያቄውን ዓይነት የሚወስነው «ማን» ወይም «ለምን» የሚለው መጠየቂያ ቃል አይደለም፤ መልሱ የሚገኝበት ቦታ ነው። መልሱ ከተነበበው ጽሑፍ ወይም በግልጽ ከሚታየው ሥዕል በቀጥታ የሚወሰድ ከሆነ ጥያቄው የማስታወስ ነው፤ በ«ለምን» ቢጀምርም ያው ነው። መጽሐፉ ሙሉ ስለምትባል ልጅ «ሙሉ እንቁላሉን ስላጣች አለቀሰች» ካለ፣ «ሙሉ ለምን አለቀሰች?» ማለት ልጁ የሰማውን እንዲደግም ከመጠየቅ አያልፍም። መልሱ የትም ገጽ ላይ ሳይጻፍ፣ ልጁ ሁለት ፍንጮችን ወይም አንድ ፍንጭና የራሱን ዕውቀት አጋጥሞ የሚደርስበት ከሆነ የማገናዘብ ነው። መልሱ ያለው በልጁ ፍርድ ውስጥ ሆኖ፣ ለፍርዱ ማስረጃውን ከመጽሐፉ የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ የአስተያየት ነው። በዕቅድዎ ላይ ጥያቄ ሲጽፉ «መልሱ የት ነው?» ብለው ከጎኑ የገጹን ቁጥር ያስፍሩ። ብዙ መምህራን የማገናዘብ ጥያቄ ብለው ያዘጋጁት ግማሹ የማስታወስ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ መጽሐፍ ላይ እንየው። ለዚሁ ማብራሪያ ያዘጋጀሁት ባለ 12 ገጽ ታሪክ ነው፤ በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ ሥዕል አለ። ሙሉ አንዲት ገብስማ ዶሮ አለቻት (ገጽ 1)። ጠዋት ጠዋት ከቅርጫቱ አንድ እንቁላል ታገኛለች (2)። አንድ ቀን ቅርጫቱ ባዶ ሆነ (3)። ጽሑፉ ከዚህ በላይ አይልም፤ ሥዕሉ ግን ቅርጫቱ አጠገብ የተኛች ድመት ያሳያል፤ በስተጀርባ ደግሞ ከጭድ ክምሩ ኋላ ስትገባ ጭራዋ ብቻ የቀረ ገብስማ ዶሮ ትታያለች። በማግስቱም ባዶ ነው (4)። ሙሉ ድመቷን «ሌባ!» ብላ ከቤት አስወጣቻት (5)። ቅርጫቱ ግን ከዚያም በኋላ ባዶ ሆኖ ቀረ (6)። ዶሮዋም ጠፋች (7)። ሙሉ በየቦታው ፈለገቻት (8)። ብዙ ቀን አለፈ (9)። አንድ ጠዋት ከጭዱ ኋላ «ጪው ጪው» የሚል ድምፅ ተሰማ (10)። ገብስማዋ ዶሮ ሰባት ጫጩት አስከትላ ወጣች (11)። ገጽ 12 ጽሑፍ የለውም፤ ሙሉ ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ለድመቷ በሳህን ወተት ስታቀርብ ይታያል።

ጥያቄ ማዘጋጀት የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። በቅድሚያ አንድ የአስተያየት ጥያቄ ይምረጡ፤ ቀጥሎ ለዚያ የሚያበቁ ሁለት ወይም ሦስት የማገናዘብ ጥያቄዎችን፤ በመጨረሻ ማገናዘቡ የሚቆምባቸውን መረጃዎች የሚያስይዙ የማስታወስ ጥያቄዎችን። በዚህ መጽሐፍ የአስተያየቱ ጥያቄ «ሙሉ ድመቷን ማስወጣቷ ልክ ነበር?» ነው። ይህን ለመፍረድ እንቁላሉን ድመቷ እንዳልወሰደችው ማወቅ ያሻል፤ ያ ደግሞ የትም አልተጻፈም፤ ስለዚህ የማገናዘብ ጥያቄ ይሆናል። ለማገናዘቡ ልጁ ሦስት ነገር ማስታወስ አለበት፦ እንቁላሉ ድሮ የሚገኘው የት እንደነበር፣ ድመቷ ከወጣች በኋላ ቅርጫቱ ምን እንደሆነ፣ ድምፁ የመጣው ከየት እንደሆነ። የማስታወስ ጥያቄዎችዎ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። «ዶሮዋ ምን ዓይነት ናት?» ብቻውን የትም አያደርስም። ልጆቹ ግን የገጽ 3ን ጭራ የማን እንደሆነ እንዲለዩ ካስፈለገ ቦታ ያገኛል። የማስታወስ ጥያቄ ጥቅሙ ልጁን መፈተኑ አይደለም፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ጥያቄ መረጃውን እጁ ላይ ማስቀመጡ ነው። ክፍልዎ በአንድ ድምፅ እየመለሰ ማገናዘቡ ላይ የሚቆመው፣ የተጠየቁት መረጃዎች ከማገናዘቡ ጋር ስለማይገናኙ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዝምታው። ዝምታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መንስኤውን ለማወቅ ጥያቄውን አሳንሰው እንደገና ይጠይቁ። ገጽ 7 ላይ ቆመው «ዶሮዋ የት የሄደች ይመስላችኋል?» አሉ፤ ማንም አልመለሰም እንበል። ገጽ 3ን መልሰው ይግለጡና «እዚህ ሥዕል ላይ ከድመቷ ሌላ ምን ይታያችኋል?» ይበሉ። ፊት ያሉት «ጭራ!» ብለው ኋላ ያሉት አንገታቸውን እየሰገጉ ከሆነ፣ ችግሩ የማየት እንጂ የማሰብ አልነበረም። በ58 ተማሪ ክፍል የደብተር መጠን ያለው መጽሐፍ ከሦስተኛው ዴስክ ወዲያ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው ይኸው ነው። መፍትሔው ሁሉንም ሥዕል ማዞር አይደለም፤ ያ ጊዜ ይበላል፣ ታሪኩም ይቆራረጣል። ፍንጩ ያለበትን አንዱን ሥዕል ብቻ በፍሊፕ ቻርት ወረቀት ላይ አስቀድመው በትልቁ ይሣሉት፤ ቅርጫት፣ ድመት፣ የጭድ ክምር፣ ጭራ። የሥዕል ችሎታ አያስፈልገውም። ሌሎቹን ገጾች መጽሐፉን ከታች በመሐል ይዘው፣ ከደረትዎ ጎን አውጥተው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ያሳዩ። ሲያነቡ ሥዕሉ ወደ ልጆቹ ይዙር፤ ዓረፍተ ነገሩን አስቀድመው በቃል ካልያዙት ግን ይህ አይሆንም።

ጭራውን አይተው ከዶሮዋ መጥፋት ጋር ካላገናኙት፣ ምናልባት የቀደመው ገጽ ተረስቷል። ያን ጊዜ ሁለቱን ገጾች አከታትለው ያሳዩና «ይህንንና ይህንን አንድ ላይ እዩዋቸው» ይበሉ፤ መልሱን አይንገሯቸው። ሁለቱንም አይተው አሁንም ዝም ካሉ የጎደላቸው ዕውቀት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ልጅ ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ እንቁላል ለእሱ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነው። ዶሮ ተደብቃ እንደምትጥልና 21 ቀን ገደማ ታቅፋ ጫጩት እንደምትፈለፍል ያላወቀ ልጅ ገጽ 9 ላይ «ብዙ ቀን አለፈ» የተባለው ምን እንደሚነግረው ሊገባው አይችልም። ይህን ግን ንባቡ መሐል ቢያብራሩት እንቆቅልሹን ራስዎ ፈቱት ማለት ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በፊት በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ዶሮ ባጭሩ ያንሱት፤ መጽሐፉን ሳይጠቅሱ። ገጠር ለሚያስተምር መምህር ይህ አያስፈልገውም፤ እዚያ ገና ገጽ 3 ላይ «ታቅፋ ነው!» የሚል ልጅ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ልክ ነህ» ብለው ታሪኩን አይዝጉበት፤ «እስኪ እናየዋለን» ብለው ይቀጥሉ።

አራተኛው መንስኤ አጠያየቅዎ ላይ ሊኖር ይችላል። በብዙ ቤት ልጅ «ለምን?» ሲባል ጥፋት ሠርቶ ነው፤ «ለምን ሰበርከው?» «ለምን አመሸሽ?»። የሚጠበቅበትም አንገቱን ደፍቶ ዝም ማለት ነው። ክፍል ውስጥም ያንኑ ያደርጋል። «በምን አወቅሽ?» ወይም «ምን አይተህ ነው?» ቢሏቸው ምክንያቱን ከመጽሐፉ ላይ በጣታቸው ሊያሳዩዎት ይችላሉ፤ ጥያቄው ግን የማገናዘብ እንደሆነ ይቆያል። አንድ ጥንቃቄ፦ «በምን አወቅህ?»ን ለተሳሳተ መልስ ብቻ ከጠየቁ፣ ልጆቹ በሁለት ቀን ውስጥ ትርጉሙን «ተሳስተሃል» ብለው ይይዙታል። ትክክል የመለሰውንም እኩል ይጠይቁ። «ጎበዝ!» ማለትም ቶሎ ከመጣ ሐሳቡን ያቆመዋል፤ ሌላው ልጅ መልሱ ተገኘ ብሎ እጁን ያወርዳል።

ከጥያቄ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ይጠብቃሉ? አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣችው ጥናት፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ እንደነበር፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ደግሞ የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ሳይጠሩ የሚመልሱት እንደሚበዙ አሳይታለች። ለማገናዘብ ጥያቄ በሆድዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ይህ ዝምታ ለእርስዎ ይከብዳል፤ ተማሪዎቹ ግን ይለምዱታል። ለዚህ ግን የጋራ ጩኸቱ መገታት አለበት። ጥያቄውን ከመጠየቅዎ በፊት «እጅ አይወጣም፣ አይጮህም፤ መጀመሪያ ለራሳችሁ አስቡ» ይበሉ። ቀጥሎ «አሁን ለጎረቤታችሁ ንገሩ» ብለው አንድ ደቂቃ ይስጡ። ሦስት ሦስት ሆነው በተቀመጡበት ዴስክ ይህ ማንንም ከቦታው ሳያንቀሳቅስ ይሠራል፤ 58ቱም አፋቸውን ይከፍታሉ። ከዚያ እጅ ያላወጡትን ጭምር ሦስት አራት ልጅ በስም ይጥሩ። ክፍልዎ ውስጥ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ካሉ፣ ለጎረቤት የሚነግሩትን በዚያው ቋንቋ እንዲነግሩ ይፍቀዱ። በአማርኛ ያጠረው መልስ የሐሳብ ማጠር ሊመስልዎት ይችላልና።

በአንድ ድምፅ የሚመለሱልዎትን የማስታወስ ጥያቄዎችም ብዙ አይመኑባቸው። አሥር ልጅ የሚያውቀውን አርባ ስምንቱ ድምፁን ተከትሎ ይደግመዋል። «ገባችሁ?» ሲባል የሚመጣው «አዎ!» ደግሞ ምንም አይነግርዎትም። «ድመቷ ናት አይደል የወሰደችው?» የሚል ጥያቄም መልሱን በውስጡ ይዞ ይመጣልና ከዕቅድዎ ያውጡት።

አስተያየቱ ላይ «ጥሩ ነው» የሚሉት መጽሐፉን ወደዱት ወይ ስለሚባሉ ነው። ታላቅ ሰው ያመጣውን ነገር «አልወደድኩትም» ማለት ነውር ተደርጎ ላደገ ልጅ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። ክፍሉን ለሁለት ሊከፍል የሚችል ጥያቄ ይፈልጉ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሆነ ሰው ያደረገውን ነገር ይዳኙ እንጂ መጽሐፉን አይዳኙ። «ሙሉ ድመቷን ማስወጣቷ ልክ ነበር?» የሚለውን አንዴ ገጽ 5 ላይ፣ አንዴ ገጽ 12 ካለቀ በኋላ ይጠይቁት። በመጀመሪያው ጊዜ «ልክ ናት» እና «ልክ አይደለችም» የሚሉትን ሰሌዳው ላይ በጭረት ይቁጠሩና አያጥፉት። በሁለተኛው ጊዜ ቁጥሩ ሲለወጥ፣ ሐሳቡን የቀየረ አንድ ልጅ ይጥሩና የቀየረውን ገጽ እንዲያሳይ ያድርጉ። አንዳንዱ አይቀይርም፤ «ያን ቀን ስላላወቀች ልክ ናት» ይላል። ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ ምክንያት አለው። ሌላዋ «መጀመሪያ ጭዱን ማየት ነበረባት፤ ጭራው ይታይ ነበር» ትላለች። እሷም ጥሩ መልሳለች። «ተናገሩ» ሳይሏቸው የሚከራከሩት ያኔ ነው።

«አስተያየት ስለሆነ ስህተት የለውም» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። «ልክ ናት፤ ድመቷ እንቁላሉን በልታዋለች» ያለ ልጅ ፍርዱ የቆመው መጽሐፉ ባፈረሰው ነገር ላይ ነው። ፍርዱን ሳይነኩ ማስረጃውን ይመልሱለት፤ «ድመቷ ከወጣች በኋላ ቅርጫቱ ምን ሆነ? ገጽ 6ን እንየው።» ልጆቹ መነሻ እንዲኖራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፦ «እኔ የማስበው … ነው፤ ምክንያቱም ሥዕሉ ላይ … አይቻለሁ።» የእርስዎን ፍርድ አስቀድመው አይናገሩ፤ ከተናገሩ 58 ልጅ ያንኑ ይመልስልዎታል። መጨረሻ ላይ «ከዚህ ታሪክ የምንማረው…» ብለው ምክር ማከልም እንደዚያው ነው፤ የልጆቹን ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሦስቱንም ዓይነት በአንድ ንባብ ማጨናነቅ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። በየገጹ የሚቆም መምህር ታሪኩን ይገድለዋል፤ ልጆቹ ገጽ 8 ሲደርሱ ገጽ 2ን አያስታውሱም። ይህን መጽሐፍ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ያንብቡት፤ በየቀኑ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሃያ ያህሉን ይዘው። የመጀመሪያው ቀን ታሪኩ ይፍሰስ፤ ሁለት ቦታ ብቻ ይቁሙ። ገጽ 5 ላይ የአስተያየቱን ድምፅ ይቁጠሩ፤ ገጽ 7 ላይ ዶሮዋ የት እንደሄደች ያስገምቱ። ንባቡ ሲያልቅ ሦስቱን የማስታወስ ጥያቄዎች ይጠይቁ። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ መጨረሻውን ስለሚያውቁ ፍንጭ ፍለጋ ይሆናል፤ ገጽ 3፣ 6 እና 12 ላይ ቆመው «እንቁላሉ የት እንደሚሄድ የነገረን ምን ነበር?» «ድመቷ እንዳልወሰደችው በምን እናውቃለን?» «ሙሉ አሁን ምን እያሰበች ነው? ፊቷንና እጇን እዩ» ይበሉ። ሦስተኛው ቀን የአስተያየቱ ነው፤ ንባቡ ፈጠን ይላል፣ ውይይቱ ይረዝማል። ድምሩ ስምንት ጥያቄ ነው። እያንዳንዱን በትንሽ ወረቀት ጽፈው፣ ከሚቆሙበት ገጽ ጀርባ ይለጥፉት፤ ክፍል ውስጥ በድንገት የሚፈጠር ጥያቄ ሁልጊዜ ወደ «ማን» እና «ምን» ያዘነብላል። ያለዎት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ ከማስታወስ ሁለት፣ ከማገናዘብ አንድ፣ ከአስተያየት አንድ ይውሰዱና ሌላውን ይተዉት።

ይህ ሥራ የማይሠራውንም ማወቅ ያሻል። ጮክ ብሎ ማንበብ አዳምጦ መረዳትን ያሳድጋል፤ ፊደል መለየትንና ቃል አጣምሮ ማንበብን አያስተምርም። በጥያቄዎቹ ጥሩ የሚመልስ ልጅ ራሱ «ቅርጫት»ን ማንበብ ላይችል ይችላል፤ የፊደል ሰዓቱን ከዚህ አይቀንሱ። የክፍሉ ውይይትም ለማርክ አይሆንም። የእያንዳንዱን ልጅ ሁኔታ ማወቅ ከፈለጉ በየቀኑ አምስት ልጅ መርጠው፣ ማን ከመጽሐፉ ምክንያት እንደጠቀሰና ማን እንዳልጠቀሰ ደብተርዎ ላይ ያስፍሩ፤ በሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ሁሉንም ያዳርሳሉ።

ስለዚህ በመጪው ሳምንት አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ንባብና ስምንት ጥያቄ ይዘው ይጀምሩ። መጽሐፉን ሲመርጡ በየገጹ ጽሑፉን በእጅዎ ሸፍነው ሥዕሉን ብቻ ይመልከቱ። ሥዕሉ ጽሑፉ ያለውን ብቻ የሚደግም ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር ለማገናዘብ ጥያቄ ቦታ አያገኙበትም። ከ12ቱ ገጾች ቢያንስ ሁለቱ ላይ ሥዕሉ ጽሑፉ ያልተናገረውን ነገር ካሳየ ያንን ይውሰዱ።